ስምንት የጎደለ፣ አሥራ አንድ የተሰበረ

ያን ጊዜ ተክለሃይማኖት አካባቢ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሴራሚክ የጫነ አይሱዙ መጣ። ኢንቮይሱ 240 ካርቶን ይላል። ሾፌሩ «ቶሎ ፈርሙልኝ፣ መሽቶብኛል» እያለ ቢጨቀጭቅም ሽማግሌው ስቶር ኪፐራችን የሚጣደፉ ሰው አልነበሩም። የእያንዳንዱን ካርቶን ጠርዝ ይዘው ነቅነቅ ያደርጉና ጆሯቸውን ይጥላሉ። ደህናው ዝም ይላል፤ የተሰበረው ውስጡ ይንኮሻኮሻል።

ቆጠራው ሲያልቅ 232 ካርቶን ሆነ። ከመካከሉ 11ዱ ተሰብሯል። ሽማግሌው እስክሪብቶዬን ተቀብለው ማስረከቢያው ላይ «8 ጎድሎ፣ 11 ተሰብሮ ተረክበናል» ብለው ጻፉና ሾፌሩን ከጎኑ አስፈረሙት። እሳቸው የፈረሙት ከዚያ በኋላ ነው።

አቅራቢው ከሳምንት በኋላ የላከው ክሬዲት ኖት የ6,600 ብር ነበር። የ11ዱ ስባሪ ዋጋ፣ እያንዳንዱ በ600 ብር ተሰልቶ። ስለጎደለው 8 ካርቶን አንድም ቃል የለም፤ ቫቱም አልተነሳም። ደሜ ፈላ። «አታለላችሁን» የሚል ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመደብሩ ባለቤት አነበቡትና «ልጄ፣ ይኼ ስድብ ነው። ሒሳቡ የታለ?» ብለው መለሱልኝ።

እንደገና ጻፍኩ፤ ግማሽ ገጽ በቃው። የኢንቮይሱን፣ የማስረከቢያውንና የተላከልንን ክሬዲት ኖት ቁጥር ከላይ አሰፈርኩ። ጉድለቱንና ስባሪውን ለየብቻ አደረግኩ፤ ጎደለ የተባለው ከእነሱ መጋዘን ሊገኝ ይችላል፣ የተሰበረው ግን እኛ ዘንድ ነው፣ መጥተው ሊያዩት ይገባል። ሁለቱ ሲደመሩ 19 ካርቶን፣ 11,400 ብር፤ 15 በመቶ ቫት 1,710 ሲጨመር 13,110 ብር። ቫቱን ያልተውኩት ኢንቮይሱ በሙሉው 240 ካርቶን ላይ ስላሰበው ነው፤ ካልተቀነሰ ላልተረከብነው ዕቃ ግብር ልንከፍል ነው። የ6,600ው ክሬዲት ኖት ተሰርዞ በዚህ መጠን እንዲተካ ጠየቅኩ። ከ165,600 ብሩ ኢንቮይስ የማንከራከርበትን 152,490 ብር ግን በቀጠሮው ቀን እንደምንከፍል ጻፍኩ። ይህችን መስመር ያስጨመሩኝ ባለቤቱ ናቸው፤ ክፍያ ለመሸሽ ሰበብ ፈለጉ እንዳይሉን ብለው። ሾፌሩ የፈረመበትን ማስረከቢያ ኮፒ አያያዝኩ።

ማንም ስልክ ደውሎ አልተከራከረንም። ትክክለኛው ክሬዲት ኖት መጣ፤ በማግስቱም ያው አይሱዙ ስባሪውን ሊወስድ ደረሰ። ሽማግሌው 11ዱን ካርቶን አንድ በአንድ ቆጥረው አስረከቡ። ሾፌሩ ሳይጠየቅ እስክሪብቶ አወጣ።