መቶ ቃል ቁጠሩ፣ ከዚያ ግዙ

እስቲ ስለ እነዚያ ስስ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እናውራ። ለተማሪ ተብለው በደረጃ የቀለሉትን ማለቴ ነው። አርባ ምንጭ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ስታገላብጡ አንድ ሁለቱ አይጠፉም።

መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ ደረጃ 4 የተጻፈው በ1,400 መሠረታዊ ቃላት ነው። የድሮው ፔንግዊን ሪደርስ ደረጃ 4 ግን 1,700 ይፈልጋል። ቁጥሩ አንድ፣ ክብደቱ ሌላ! ስለዚህ ከደረጃው ይልቅ የቃላቱን ብዛት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሽፋን ወይም ከመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ይገኛል።

ከዚያ ራሳችሁን መዝኑ። ሲቀላ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የቡክዎርምስን ደረጃ 3 ከመሃል ገልጦ መቶ ቃል ቆጠረና የማያውቀው ቃል ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገ። የሰውና የቦታ ስም አይቆጠርም። ስድስት ነጥብ ወጣ። ስድስት ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየመስመር ተኩሉ አንዴ መደናቀፍ ነው፣ ታሪኩ ይጠፋል። ደረጃ 2 ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ ሆነ። እዚያ ጀመረ። ከመቶ ሁለት ከሆነ የቀረውን ከአረፍተ ነገሩ መገመት ይቻላል።

ነጥብ ብቻውን ግን ይሸውዳል። ቃሉን ሁሉ አውቆ ሐሳቡ የሚያመልጠው አለ። ስለዚህ ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ለእህቱ በጋሞኛ ይተርክላታል። ትረካው ከተቆራረጠ ያንኑ ምዕራፍ ይደግማል። በተከታታይ ሦስት መጽሐፍ ላይ ነጥቡ ዜሮ ወይም አንድ ሲሆን፣ ትረካውም ሲፈስ፣ ወደ ላይኛው ደረጃ ያልፋል።

ወደ እውነተኛው ልቦለድ መሻገሩስ? ገደሉ እዚህ ነው። የቡክዎርምስ የመጨረሻው ደረጃ 6፣ 2,500 ቃል ነው። ፖል ኔሽን የተባለው ምሁር በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ስሌት ደግሞ ልቦለድን ያለ እገዛ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ ያስፈልጋል። ደረጃ 6ን ጨርሶ ወፍራም የዲከንስ መጽሐፍ የሚያነሳ ልጅ ቢያቆም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ድልድዩ አጭርና ግልጽ ልቦለድ ነው። የኦርዌል «አኒማል ፋርም» (1945) ወደ 30,000 ቃል ገደማ ነው። የአቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» (1958) ደግሞ ለጋሞ ልጅ ሌላ ጥቅም አለው፦ የኦኮንኮ ሀብት የሆነው ያም የእኛው ቦዬ ነው። ለንደን ያለ አንባቢ ማብራሪያ የሚሻበትን ነገር እኛ ከጓሮ እናውቀዋለን።

በመጀመሪያው ምዕራፍ አራት አምስት ነጥብ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ደራሲ የራሱን ቃላት ይደጋግማል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንደገና ቁጠሩ። ከቀነሰ ቀጥሉ፤ ካልቀነሰ መጽሐፉን ለስድስት ወር አስቀምጡትና ወደ ስሱ ተመለሱ።