110 ቀን የጠበቀ የ40 ደቂቃ ሥራ

ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅኩ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከማስተማሩ ሌላ የትምህርት ቤታችን የማባዣ ክፍልም በእኔ እጅ ነው። አንድ ማባዣ ማሽን፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ደብተር አለኝ። ሥራ ያለው ሁሉ መጥቶ ደብተሩ ላይ ይመዘገባል። እኔ ደግሞ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓት እየገባሁ እሠራለሁ።

ደብተሩ ላይ አራት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛ ፈተና፣ ሁለተኛ የአስተዳደር ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ፣ ሦስተኛ መምህራን ለተማሪ የሚሰጡት ወርክሺት፣ አራተኛ ልዩ ልዩ። ሕጌ ቀላል ነበር፦ ፈተና ካለ ፈተና፣ ከሌለ አስተዳደር፣ እሱም ከሌለ ወርክሺት፣ ምንም ከሌለ ልዩ ልዩ። ማንም ሰው ትክክል ነው የሚለው ሕግ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው።

ጥቅምት 8 ቀን የሌሊት ጥበቃችን የሆኑት ጋሼ 14 ገጽ ወረቀት በፌስታል ይዘው መጡ። የቆዩ የሥራ ደብዳቤዎቻቸው ናቸው፣ አንዳንዱ ቀለሙ ለቋል። ለጡረታ ፋይላቸው ስካን ተደርጎ፣ ጠቆር ብሎ፣ በሦስት ኮፒ እንዲወጣላቸው ነው የፈለጉት። "ችግር የለም ጋሼ፣ ያስቀምጡልኝ" ብዬ ልዩ ልዩ ውስጥ መዘገብኩ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ብቅ ይሉ ነበር። "መምህር፣ ደረሰ እንዴ?" "ፈተና በዝቶብኝ ነው ጋሼ፣ ነገ።" መልሴ ውሸት አልነበረም። ፈተናው እውነት በዝቶብኝ ነበር።

ጥር 28 ቀን መጥተው፣ "ልጄ፣ ወረቀቴን መልስልኝ፣ ከተማ ሄጄ ላስገልብጥ። ፈተናው የማያልቅ ሆነብኝ" አሉኝ። ቆጣ ብለው እንኳን አልተናገሩም። አብረዋቸው ጡረታ የሚወጡት የጎረቤት ትምህርት ቤት ጥበቃ ፋይላቸው ገብቶ አልቆላቸዋል፣ የእሳቸው ገና አልተነሳም። አፈርኩ። እዚያው እንዲቀመጡ ለምኜ ሥራውን ጀመርኩት። በ40 ደቂቃ አለቀ። ከጥቅምት 8 እስከ ጥር 28 ቁጠሩት፣ 110 ቀን ነው።

ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኮሌጅ እያለን ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስንማር ይህንኑ ነገር ተምረነዋል እኮ! ስሙ ስታርቬሽን ነው፣ ረሃብ ማለት ነው። ኮምፒውተር ብዙ ሥራ ተሰልፎበት ሁልጊዜ ቅድሚያ ያለውን ብቻ እያነሳ ሲሠራ፣ ዝቅተኛው ሥራ ማንም ሳይሰርዘው ወረፋው ውስጥ ይራባል። አስተማሪያችን የነገረን አንድ ወሬም ትዝ አለኝ። በአሜሪካ ኤምአይቲ በፈረንጆች 1973 አይቢኤም 7094 የሚባለውን ትልቅ ኮምፒውተር ሲዘጉት፣ በ1967 የገባ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ገና ተራ ሲጠብቅ ተገኘ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ እንጃ፣ በሙያው እንደ ወሬ ነው የሚነገረው። ያኔ ሳቅን። አሁን ግን ያ ሥራ ጋሼ ሆነው ፊቴ ቆሙ።

በማግስቱ ደብተሩን ዘርግቼ ቆጠርኩ። በቀን አምስት ሥራ እጨርሳለሁ፣ በሳምንት 25። የሚገባው ደግሞ በአማካይ ፈተና 9፣ አስተዳደር 6፣ ወርክሺት 9፣ ልዩ ልዩ 1። ድምሩ 25። ሲያዩት ልክክ ያለ ነው፣ ለልዩ ልዩም አንድ ቦታ ያለው ይመስላል። ግን ሳምንት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ሳምንት ሦስት ፈተና ከጨመረ ያላለቀው ወርክሺት ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ቀጣዩ ሳምንት ቀለል ቢልም ትርፉን ቦታ ያ የተረፈው ወርክሺት ይበላዋል። ከላይ ያሉት ሦስቱ ባዶ የሚሆኑበት ሰዓት አይመጣም። ሕጌ ደግሞ "ምንም ከሌለ" ነው የሚለው። ማለትም ጋሼን ያስቀመጥኳቸው በማይመጣ ሰዓት ላይ ነው።

ለምን እስከዛሬ አላየሁትም? አማካይ ስለማይ ነው። ለርዕሰ መምህሩ "አንድ ሥራ በአማካይ በሁለት ቀን ይደርሳል" እያልኩ ሪፖርት አደርግ ነበር፣ እውነትም ነው። በእነዚያ 110 ቀናት ወደ 400 ሥራ ሠርቻለሁ። የጋሼ 110 ቀን ለ400 ሲካፈል ሩብ ቀን ገደማ ቢጨምር ነው። ማን ያየዋል? ረሃቡ የሚታየው "ወረፋው ውስጥ ካሉት ሁሉ ያረጀው ስንት ቀኑ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ብቻ ነው። አሁን ዘወትር አርብ ደብተሩን ስዘጋ መጀመሪያ የምጽፈው ይህችን ቁጥር ነው።

መድኃኒቱንም ተምረነዋል፣ ኤጂንግ ይባላል፣ ሥራው በጠበቀ ቁጥር ደረጃው ከፍ እንዲል ማድረግ። ፈተና ሲገባ 9 ነጥብ፣ አስተዳደር 8፣ ወርክሺት 5፣ ልዩ ልዩ 0 ይዞ ይጀምር፣ ከዚያ ሁሉም በቆየበት ቀን ልክ አንድ አንድ ነጥብ ይጨመርለት። ትልቅ ነጥብ ያለው ይቀድማል። ልዩ ልዩ በዘጠነኛው ቀን 9 ይደርስና ያን ዕለት ከገባ ፈተና ጋር ይተካከላል።

ግን በየቀኑ የሁሉንም ነጥብ በስክሪብቶ እየሰረዝኩ ልጽፍ ነው? እዚህ ላይ አንድ ነገር በራልኝ። ሁለት ሥራዎች ደብተሩ ላይ ካሉ ነገ ሁለቱም አንድ አንድ ይጨምራሉ፣ ልዩነታቸው አይለወጥም። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚቀድም ሲገቡ ነው የሚወሰነው። በየቀኑ መደመር አያስፈልግም፣ ሲመዘገብ አንድ ቀን መጻፍ ይበቃል። ፈተና የገባበት ቀን ሲደመር 1፣ አስተዳደር ሲደመር 2፣ ወርክሺት ሲደመር 5፣ ልዩ ልዩ ሲደመር 10። ከዚያ ቀኑ የሚቀርበውን መሥራት ነው፣ እኩል ከሆነ ቀድሞ የተመዘገበው። ከነጥቡ ጋር አንድ ነው፣ ሥራው ግን ቀለለ።

በጋሼ ወረቀት ሞክሩት። ጥቅምት 8 ገባ፣ ጥቅምት 18 ተጻፈበት። ጥቅምት 16 የገባ ፈተና 17 ይጻፍበታል፣ ይቀድማቸዋል። ጥቅምት 17 የገባው ግን 18 ነው፣ እኩል ናቸው፣ እሳቸው ቀድመው ስለተመዘገቡ እሳቸው ይቀድማሉ። ከዚያ በኋላ የሚገባ ፈተና ሁሉ ከኋላቸው ነው። ወርክሺትማ ከጥቅምት 13 ጀምሮ አይቀድማቸውም። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ድሮ ከፊታቸው የሚሰለፈው ሰው ማለቂያ አልነበረውም፣ አሁን ግን የሚቀድማቸው ከተወሰነ ቀን በፊት የገባ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ያልቃል።

ርዕሰ መምህሩ ሲሰሙ፣ "ነገ ጠዋት የሚሰጥ ፈተና ለልዩ ልዩ ሊቆም ነው?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፣ አንድ ቦታ ብቻ ወደኋላ ሄዶ ያው በዕለቱ ያልቃል። ፈተና በተደራረበ ቀን ግን ተማሪ ባዶ እጁን ሊቀመጥ ነው። መፍትሔውን ከሊኑክስ ወሰድኩ። ሊኑክስ ውስጥ ዴድላይን የሚባል የዲስክ ወረፋ አስተዳዳሪ አለ። ለማንበብ ጥያቄ ግማሽ ሴኮንድ፣ ለመጻፍ ጥያቄ አምስት ሴኮንድ የጊዜ ገደብ ይሰጣል፣ እንደ እኔ ቀን መሆኑ ነው። ማንበብ ይቀድማል። ግን `writes_starved` የሚባል ቁጥር አለው፣ ሳይነኩት 2 ነው። ንባብ ጽሑፍን ሁለት ዙር ካለፈው በሚቀጥለው ለጽሑፍ ተራ ይሰጣል። እኔም፦ የነገ ጠዋት ፈተና ወረፋ መዝለል ይችላል፣ ግን ሁለት ከዘለሉ ቀጣዩ ሥራ ቀኑ የደረሰው ነው። ተስማማን።

10 የምትለዋን ቁጥርም በግምት አልዘፈቅኳትም። ሁሉንም 0 ባደርግ ቅድሚያ የሚባል አይኖርም፣ የመጣ ሁሉ በመጣበት ይስተናገዳል። ለልዩ ልዩ 100 ብሰጥ ደግሞ ያው ጋሼን 100 ቀን ማስጠበቅ ነው። ስለዚህ የጠየቅኩት፣ "እነዚህ ሰዎች ሳይጎዱ ስንት ቀን መጠበቅ ይችላሉ?" ብዬ ነው። የሁለት ሳምንት የሥራ ቀን ያህል ተገቢ መሰለኝ።

ገደቡንም ልንገራችሁ። የሴሚስተር ማጠቃለያ ሲደርስ በሳምንት 30 ሥራ ገባ፣ እኔ 25 ነው የምችለው። ያኔ የሁሉም ቀን አለፈ። ኤጂንግ ጉልበት አይጨምርም፣ መዘግየቱን አንድ ሰው ላይ ከመጫን ለሁሉም ያካፍላል እንጂ። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው የሚገባውን መቀነስ ነው። ከሁለት ገጽ በላይ የሆነ ወርክሺት ለዚያ ሰሞን እንደማልቀበል በር ላይ ለጠፍኩ። የሒሳቡ መምህር አኮረፈኝ፣ ግን ገና ሲያስገባ አይሆንም ተባለ እንጂ ነገ ነገ እየተባለ አልተሸነገለም።

የጋሼ ፋይል በየካቲት ገባ። ዘግይቷል፣ ያን መመለስ አልችልም። ባለፈው አርብ ደብተሩ ላይ ያረጀው ሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የሰጡኝ የልጃቸው የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ። ዛሬ ወስደውታል።

እናንተም ወረፋ የምታስተናግዱ ከሆነ፣ ፋይል ቢሆን፣ ጥገና ቢሆን፣ አቤቱታ ቢሆን፣ ነገ ጠዋት ገብታችሁ ከታች ያለውን አንዱን አውጡና ስንት ቀኑ እንደሆነ ቁጠሩ። ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የእኔ 110 ነበር፣ አላፍርም።