ሁለት ጉቦኞች በክራኮቭ

ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ሁለቱም የናዚ ፓርቲ አባላት ነበሩ። መጠጥ ይወዳሉ፣ ሴት ይወዳሉ፣ ከጥቁር ገበያ የሚገኝ ገንዘብ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይወዳሉ። አንደኛው አሞን ጎት ነው፤ በጀርመን በተያዘችው የፖላንድ ከተማ በክራኮቭ የፕላሾቭ ካምፕ አዛዥ። ሌላው ብዙዎቻችሁ በስፒልበርግ ፊልም የምታውቁት ኦስካር ሺንድለር ነው። አብረው ጠጥተዋል፣ አብረው ነግደዋል። በዚያን ጊዜ ከሩቅ ሆኖ ላያቸው ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ቀላል አልነበረም።

ሺንድለር በ1939 ወደ ክራኮቭ የመጣው ሊያተርፍ ነው። የከሰረ የድስትና የሳህን ፋብሪካ ያዘና አይሁድ ሠራተኞችን አስገባ፤ ምክንያቱም ርካሽ ነበሩ። ለእነሱ ጉልበት የሚከፈለው ገንዘብ የሚገባው ወደ ኤስኤስ ካዝና እንጂ ወደ ሠራተኞቹ ኪስ አልነበረም። ስለዚህ «ገና ከጅምሩ ልቡ ጥሩ ነበር» የሚለው ተረት አይሠራም። የ1940ው ሺንድለር በጦርነት የሚነግድ ሰው ነው።

ታዲያ መቼ ተለያዩ? ሁለቱም ሕግ መጣሳቸውን ቀጥለዋል፤ ልዩነቱን እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው። የሚለያቸው ገንዘቡ የሚፈስበት አቅጣጫ ነው። ጎት የእስረኞችን ቀለብ ለጥቁር ገበያ ይሸጣል፣ የተዘረፈ ንብረት ያከማቻል፣ እስረኞችንም በገዛ እጁ ይገድላል። ሺንድለር ደግሞ ከጥቁር ገበያ ምግብ ገዝቶ ለሠራተኞቹ ያበላል። በመጋቢት 1943 የክራኮቭ ጌቶ ባዶ ሲደረግና የተረፉት ወደ ፕላሾቭ ሲነዱ፣ ለጎት ከፍሎ ሠራተኞቹ እዚያው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ እንዲያድሩ አስፈቀደ። አንዱ ጉቦ ሰጪ፣ አንዱ ጉቦ ተቀባይ ነው። በአንዱ ጉቦ ግን ሰዎች ከጎት ዓይን ራቁ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስገርመው ነገር ይመጣል። ጎትን መጀመሪያ ያሰረው ማን ይመስላችኋል? የራሱ ኤስኤስ ነው፤ በመስከረም 1944። ዋናው ክስ መግደሉ አልነበረም። ከአይሁድ የተነጠቀ ንብረት በናዚ ሕግ የመንግሥት ስለሆነ፣ ከመንግሥት ሰረቀ ተብሎ ነው። ሺንድለርም በጌስታፖ ሦስት ጊዜ ታስሯል፤ አንዴም በልደቱ ቀን አንዲት አይሁዳዊት ልጅ ስለሳመ። እንዲህ ባለ አገር «ሕግ ጥሷል» የሚለው ክስ ስለ ሰውየው ምንም አይነግርህም። ሕጉ ራሱ ግድያውን ፈቅዶ ስርቆቱን ይከሳልና።

የሺንድለር ዓላማ በግልጽ የታየው በዚያው ዓመት ነው። የሶቪየት ጦር እየቀረበ ነበር። ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን ሸክፎ መጥፋት። እሱ ግን ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ብሩንሊትዝ በተባለ ቦታ አዲስ ፋብሪካ ከፈተና፣ 1,000 ገደማ እስረኞች «ለጦርነቱ ያስፈልጋሉ» ብሎ በስም ዝርዝር አስመዘገበ። ፋብሪካው የመድፍ ጥይት እንዲያመርት ነበር የተፈቀደው፤ የሚረባ ጥይት ግን ከሞላ ጎደል አላወጣም። የሚታይ ነገር ሲያስፈልግ ሌላ ቦታ የተሠራ ገዝቶ የራሱ አስመሰለ። ከዚህ ወዲያ ትርፍ የለም፤ ወጪ ብቻ ነው። ከ1944 በፊት ጥቅሙና የሰዎቹ ሕይወት አብረው ይሄዱ ስለነበር ማንን እንደሚያስቀድም ማወቅ አይቻልም ነበር። ሁለቱ ሲለያዩ ነው የታወቀው።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። በጉቦ የሚከፈት በር ጉቦ ላለው ሌላ ሰውም ይከፈታል። ዝርዝሩን ይይዝ የነበረ የካምፕ ጸሐፊ ከእስረኞች እየተቀበለ ስም ያስገባና ያወጣ እንደነበር ከሞት የተረፉ ሰዎች መስክረዋል። የወጣ ሰው ስም ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ስለዚህ በፊልሙም የለም። ሺንድለርን መላእክ ለማድረግ የሚሮጡ ሰዎች ይህንን መዝለል ይወዳሉ። ሚስቱ ኤሚሊንም እንዲሁ፤ በጥር 1945 በበረዶ ውስጥ በታሸገ ፉርጎ የመጡ ከመቶ በላይ ሰዎችን እያስታመመች ያተረፈችው እሷ ናት፤ እሱ ግን ከጦርነቱ በኋላ ትቷት ሄደ።

ጎት መስከረም 13 ቀን 1946 በክራኮቭ ተሰቀለ። ሺንድለር ወደ አርጀንቲና ሄዶ እርባታ ሞከረ፤ ከሰረ። ጀርመን ተመልሶም ሥራ ከፈተ፤ ያም ከሰረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ በ1974 እስኪሞት ድረስ፣ በአብዛኛው የሚኖረው ያተረፋቸው ሰዎች በሚልኩለት ገንዘብ ነበር።