የሎጊያ ጠብ ከበርሜሉ ይጀምራል

በሎጊያ ሙቀት በርሜሉ ባዶ ሆኖ ያደረ ቤት ጠዋቱን በጭቅጭቅ ነው የሚጀምረው። ሚስት «ውሃ አልቋል እኮ!» ትላለች። ባል «ብትነግሪኝ እቀዳ ነበር» ይላል። በሳምንቱ ያው ቃል፣ ያው ኩርፊያ።

ጠቡ የማያልቀው የመቅዳት ጉዳይ ስላልሆነ ይመስለኛል። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ አሊሰን ዳሚንገር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት የቤትን የሐሳብ ሥራ በአራት ትከፍለዋለች፦ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ መፈጸሙን መከታተል። ባልና ሚስት ውሳኔውን ብዙ ጊዜ አብረው ያደርጉታል። ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው ሴቷ ላይ ይወድቃል። «ንገሪኝ» የሚል ባል ጉልበቱን ሰጠ እንጂ ሐሳቡን አላገዘም።

ስለዚህ ጀሪካን ከመካፈል ውሃን ከነሐሳቡ ለአንድ ሰው ማስረከብ ይሻላል። ውሃ የእሱ ከሆነ ማታ በርሜሉን ከፍቶ የሚያየው እሱ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ሲመጣ የሚነሳውም፣ ሲጠፋ ሻጭ የሚፈልገውም እሱ ነው። «ግማሽ ሲደርስ ይሞላል» ብለው ቀድመው ይስማሙ። ከባዱ የእሷ ድርሻ ነው፤ አንድ ቀን ቢያልቅ እንኳ አለማስታወስ። ካስታወሰች ሥራው ተመልሶ የእሷ ሆነ።

በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚያድር ሹፌር ውሃ ልረከብ ቢል ግን ራሱን ያታልላል። እሱ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያና የመብራቱን ሒሳብ ይውሰድ፤ በቴሌብር ከመንገድም ይከፈላል።

ደግሞ ይህን የርክክብ ጉዳይ በርሜሉ ባዶ በሆነበት ጠዋት አታንሱት። ሁለታችሁም ጠግባችሁ፣ ነፋስ በገባበት ማታ ተነጋገሩበት።