«No Signal» የሚለው ማን ነው?

ደባርቅ ላይ ቴሌቪዥኑ «No Signal» ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ዲሹን ይጠረጥራል። ነገር ግን ይህን ቃል ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም ይጽፉታልና አስቀድሞ ጸሐፊውን መለየት ይገባል። የሪሲቨሩን ሪሞት ይዞ Menu መጫን ነው። ዝርዝሩ ከወጣ ገመዱም የተመረጠው መግቢያም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከዲሹ ወገን ነው። ካልወጣ ግን ዲሹን መነካካት አንዱን ችግር ሁለት ማድረግ ነው፤ ጥቂት እንኳ ቢዞር ሳተላይቱን ይስታልና።

በቅርቡ በአንድ ሻይ ቤት አንድ ተማሪ በላፕቶፑ ፊልም ካሳየን በኋላ ወደ ኳሱ ስንመለስ ያው ጽሑፍ መጣ። Menu ቢጫን ምንም የለም። መግቢያው ላፕቶፑ በነበረበት በHDMI 2 ቀርቶ ኖሯል፤ የሪሲቨሩ ገመድ ያለው በHDMI 1 ነው። በSource ወደ HDMI 1 ቢመለስም ጽሑፉ አልጠፋም። የሪሲቨሩ መብራት በርቷል። ስለዚህ ሲሠራ ያየነውን የላፕቶፑን ገመድ በሪሲቨሩና በHDMI 1 መካከል ሰካነው፤ ምስሉ ወዲያው መጣ። የተበላሸው አሮጌው ገመድ ነበር።

በደኅናው ገመድም ባይመጣ ኖሮ ላፕቶፑን በHDMI 1 መሰካት ይቀር ነበር፤ የላፕቶፑ ምስል ከታየ ጥፋተኛው ሪሲቨሩ፣ ካልታየ የቴሌቪዥኑ መግቢያ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሚለውጥ ሰው ጥፋተኛውን አይስተውም።