የሽማግሌው ደብተርና የእኔ እርሳስ

ቴሌግራም ይላክበት በነበረው ዘመን ገንዘብ የሚከፈለው በቃል ቁጥር እንደ ነበር ከታላላቆቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ደንበኛው ሐሳቡን በጥቂት ቃል ለመጨረስ ሲጨነቅ፥ ሠራተኛው እርሳሱን ይዞ ቃሉን አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ፥ የሰውን ቃል ሲቆጥሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ሕይወት ሊጽፉ ቢነሡ፥ ስለ መጀመሪያው የሥራ ዓመታቸው የሚናገረው ምዕራፍ ብቻ 46 የደብተር ገጽ ሆነ ብላችሁ ታምናላችሁን?

ሽማግሌው ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብተሩን አምጥተው በእጄ አኖሩና «አንተ የአማርኛ አስተማሪ ነህ፤ አሳጥርልኝ። ነገር ግን እኔን ከውስጡ እንዳታወጣኝ» አሉኝ። እንዲህ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእኔ በፊት አንድ የቢሮ ሰው የሆነ ዘመዳቸው ይኸንኑ ምዕራፍ አሳጥሮ በኮምፒዩተር ጽፎላቸው ነበር። ጽሑፉ አጭር ነበረ፤ ሰዋስውም አይጎድለውም። ነገር ግን «በወቅቱ ከነበረው የኑሮ ሁኔታ አንጻር ገቢዬ አነስተኛ ስለ ነበር» እያለ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ባለቤታቸው ሲነበብላቸው ሰምተው «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼም ደብተሩ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ለልጅ ልጆች አይታተምም ብለው ማሉ።

ስለዚህ እርሳስ ከመያዜ በፊት አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ ይኸውም ደብተሩን ሳያዩ ምዕራፉን በቃላቸው እንዲያወሩልኝ ነው። ቡና እየተፈላ በሃያ ደቂቃ ጨረሱት። እኔ የምጽፈው የሚሉትን ሳይሆን የዘለሉትን ነበር። በደብተሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን፥ ሰው የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ለምን እንደሚገባው የሚናገረውን 4 ገጽ አላነሡትም። የሥራ ጓደኞቻቸውን ስም ከነማዕረጋቸው የሚዘረዝረውንም 2 ገጽ አላነሡትም። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያወራ የሰሚውን ዓይን ስለሚያይ የሚያሰለቸውን ራሱ ይዘለዋል፤ ብቻውን ከወረቀት ጋር ሲቀመጥ ግን የሚያየው ዓይን የለም። በወሬው ውስጥ የሌለውና በደብተሩ ውስጥ ያለው ነገር በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ነው።

በዚያው ቀን ደግሞ እርሳቸው የሚታወቁባቸውን ነገሮች በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። እነዚህ የማይነኩ ናቸው። አንደኛ፥ ጋሼ ሁሉን ነገር በቁጥር ይናገራሉ፤ የደረጃውን ብዛት፥ የእርምጃውን ብዛት ሁሉ። ሁለተኛ፥ ረጅም ዓረፍተ ነገር «ሄጄ፥ መጥቼ፥ ለምኜ» እያሉ ሲስቡ ይቆዩና በድንገት ሁለት ሦስት አጫጭር ይከተላሉ። ሦስተኛ፥ ቁጥር ከጠሩ በኋላ «ቁጠሩልኝ» ይላሉ። ይህች የመጨረሻዪቱ ቃል በምዕራፉ ውስጥ 19 ጊዜ ትገኛለች፤ ወደ እርሷ ኋላ እመለሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል። በየአንቀጹ ዳር ላይ ያ አንቀጽ የሚያደርገውን ሥራ በአንድ መስመር ጻፍሁ፤ ሁለት አንቀጾች አንድ ዓይነት መስመር ከወጣላቸው አንዱ ትርፍ ነው። በቃላት የሚጀምር ሰው ዛሬ አሳምሮ የጠረበውን ዓረፍተ ነገር ነገ ከነአንቀጹ ለመጣል ስለሚሳሳ፥ የማያስፈልገውን ገጽ አቅፎ ይቀመጣል። የመግቢያው 4 ገጽ ወጣ፤ ታሪኩ በእውነት የሚጀምረው በ5ኛው ገጽ ላይ፥ ጋሼ በ1958 ዓ.ም. ከመኪና ወርደው የቢሮውን ደረጃ ሲቆጥሩ ነውና። የጓደኞቻቸው ስም ግን ለጋሼ የክብር ዕዳ ስለ ሆነ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንውረድ። ጋሼ ፈቅደውልኝ አንዱን አንቀጽ እንዳለ አቀርብላችኋለሁ።

«እንደሚታወቀው በዚያን ጊዜ፥ ማለትም እኔ ሥራ በጀመርሁበት በ1958 ዓ.ም.፥ ጫማ እንደ ዛሬው በየሱቁ በብዛት የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁም። እኔም ከመጀመሪያ ደመወዜ፥ ማለትም ከተቀበልሁት ስድሳ አምስት ብር፥ ጫማ ልግዛ ብዬ ተነሥቼ፥ ገበያ ወጥቼ፥ ሱቁን ሁሉ ዞሬ፥ ጠይቄ፥ ተከራክሬ፥ በመጨረሻ አንድ ጥቁር ጫማ አገኘሁ። ጫማው ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ነው። እግሬ አርባ አንድ ነው። ልዩነቱን ለአምስት ወር በእግሬ ከፈልሁ። ይህም ማለት ጫማው ስለ ጠበበኝ እግሬን በጣም አሳመመኝ ለማለት ነው። ቁጠሩልኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነብኝ።»

ይህ 75 ቃል ነው። ከእርሳሱ በኋላ እንዲህ ሆነ፤

«ከመጀመሪያ ደመወዜ፥ ከስድሳ አምስት ብር፥ ጫማ ልግዛ ብዬ ተነሥቼ፥ ገበያ ወጥቼ፥ ሱቁን ሁሉ ዞሬ፥ ጠይቄ፥ ተከራክሬ፥ በመጨረሻ አንድ ጥቁር ጫማ አገኘሁ። ጫማው ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ነው። እግሬ አርባ አንድ ነው። ልዩነቱን ለአምስት ወር በእግሬ ከፈልሁ። ቁጠሩልኝ።»

ይህ ደግሞ 36 ቃል ነው። ከግማሽ በላይ ወጥቷል፤ እኔ የጨመርሁት ግን «ስድሳ» በሚለው ላይ አንዲት «ከ» ብቻ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ ይህ ይመስለኛል፤ አሳጣሪው ቃል ያወጣል እንጂ ቃል አይተካም። የእኔን ቃል ባስገባሁ ቁጥር ጋሼ በዚያው ልክ ከደብተሩ ይወጣሉ።

የወጣው ምን እንደ ሆነ ልብ በሉ። «እንደሚታወቀው» እና «ማለትም» የማንም ሰው ቃል ናቸው፤ ከማንኛውም ደብዳቤ ላይ ሊለቀሙ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቱ በምዕራፉ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ተነግሯል። «ይህም ማለት» ብሎ የሚጀምረው ቀልዱን ይተረጉማል፤ የተተረጎመ ቀልድም ይሞታል። ተረቱም ቢሆን ጥሩ ተረት ነው፤ ነገር ግን የሁሉ ተረት ነው፤ በእግር መክፈል ግን የጋሼ ብቻ ነው።

ያልወጣውን ደግሞ ተመልከቱ። «ተነሥቼ፥ ወጥቼ፥ ዞሬ፥ ጠይቄ፥ ተከራክሬ» የሚለውን ተማሪዬ ቢጽፈው ኖሮ በቀይ እርሳስ «አሳጥር» እለው ነበር። እዚህ ግን አንባቢው ከጋሼ ጋር ገበያውን ዞሮ እንዲደክም ያደርገዋል፤ ድካሙ ስላለ ነው ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እንደ መዶሻ የሚመቱት። ዘመዳቸው ይህንኑ «ጫማው በሁለት ቁጥር ያንሰኝ ስለ ነበር ለአምስት ወራት ተቸገርሁ» ብሎ ጠቅልሎት ነበር። በእርግጥ ከእኔም ያጥራል። ነገር ግን ሣቁ የት ሄደ? እንግዲህ አጭሩ ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ሁለቱን በድምፅ አንብባችሁ ከንፈራችሁ የቱ ላይ ፈገግ እንደሚል ማየት ይበቃል።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ ቴሌግራም መሣሪያው አሠራር የሚናገረው 3 ገጽ ነበር። ሽቦውና ባትሪው፥ የሞርሱ ነጥብና ጭረት ሁሉ ተዘርዝሯል። ለማውጣት የሚቀል ይመስላል። ዳሩ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ገጽ እንዲህ ይላል፤ አንድ ቀን የሞት መርዶ በቴሌግራም መጣ፤ እናቲቱ ማንበብ አይችሉም፤ ወጣቱ ሠራተኛ ራሱ እቤታቸው ሄዶ ሊያነብላቸው ግድ ሆነ። በዚያ ዘመን መርዶ የሚነገረው በዘመድ አዝማድ፥ ማልዶ፥ በወግ ነው እንጂ በአንድ የሃያ ዓመት ልጅ አፍ አልነበረም።

እኔም ጋሼን «ስለ መሣሪያው ይህን ያህል የጻፉት ወደ እናቲቱ ቤት መሄድ ስለ ከበደዎ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም አሉና «ያን ቀንም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። መሣሪያውን ስወለውል ቆየሁ» አሉ። እንዲህ ያለው ነገር በሕይወት ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ጸሐፊው የሚፈራው ነገር ሲቃረብ በዙሪያው ይዞራል፤ ገጹም ያብጣል። ያበጠውን ቆርጦ መጣል ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋሼ ራሳቸው እርሳሱን ወስደው 3ቱን ገጽ በአንድ አንቀጽ አደረጉት፤ መሣሪያውን ስለ መወልወላቸው ግን በደብተሩ ያልነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት። እንዲህ ያለውን ጭማሪ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊጨምረው አይችልም።

አሁን ወደ «ቁጠሩልኝ» ልመለስ። የመርዶው ግማሽ ገጽ የሚያልቀው «መልእክቱ ስድስት ቃል ነበር። ቁጠሩልኝ አልልም» በማለት ነው። ይህ በደብተሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን ቃሊቱ አስቀድማ አሥራ ስምንት ጊዜ ተብላ ስለ ሰለቸች፥ ስታነቡት ምንም ሳይሰማችሁ ታልፉታላችሁ። ሁሉንም ብናወጣት ደግሞ ይህ ዓረፍተ ነገር ትርጉም የለውም። አምስት ጊዜ እንድትቀር ተስማማን፤ በጫማው ላይ አንድ፥ ሌሎቹም ቁጥሩ በሚያስቅበት ቦታ፥ የመጨረሻዪቱም እዚህ። አንባቢው ቃሊቱን ወድዷት ሳይሰለቻት ሲቀር ይደርስባታል።

እርሳሴ ያወጣው ሁሉ በቅንፍ ውስጥ ተደረገ እንጂ አልተፋቀም። መጨረሻ ላይ ጋሼ ቅንፉን እየዘለሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ አፋቸው ራሱ በአራት ቦታ ላይ የተዘለለውን ቃል ጨመረ። አራቱም «እኔ ምን አውቄ» የምትል ንግግር ናት። ያለ እርሷ ትንፋሻቸው አይሞላም ማለት ነው፤ አራቱም ተመለሱ።

አርባ ስድስቱ ገጽ 27 ሆነ። 9ኙ በሙሉ ገጽ ወጥቶና ተዛውሮ ወይም በአንቀጽ ተጠቅልሎ፥ የቀረው 10 ግን እንደ ጫማው አንቀጽ በቃልና በዓረፍተ ነገር ተለቅሞ ነው። ከዚህ በላይ ማሳጠር ይቻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚወጣው ስብ ሳይሆን ሥጋ መሆኑን የምታውቁበት ምልክት አለ። ይኸውም አንድ ቃል ስታወጡ ሌላ የራሳችሁን ቃል ለማስገባት ስትገደዱ ነው። እዚያ ላይ እርሳሱን አስቀምጡት።