«ከሆነ» እና «ስለሆነ»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅዳሜ ተማሪዎቼ አንድ ሕግ በድፍረት ሳስተምር ኖሬአለሁ። የግሪኩ «ኤይ» ከኢንዲካቲቭ ግሥ ጋር ሲመጣ «ስለ» ብላችሁ ተርጉሙት እል ነበር። ተናጋሪው ነገሩን እውነት አድርጎ ይዞታልና፣ «ከሆነ» ማለት ማድከም ነው ብዬ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ እዚህስ?» አለችኝ። ማቴዎስ 12፥27 ነበር። ፈሪሳውያን ኢየሱስን በብዔል ዜቡል አጋንንት ያወጣል ብለው ከሰውታል፣ እሱም ክሱን አንሥቶ ይመልስላቸዋል። በእኔ ሕግ ብተረጉመው «በብዔል ዜቡል ስለማወጣ» ሊሆን ነው። ጉድ! ክሱን አመነ ማለት አይደል?

ቀጣዩ ቁጥር ይብሳል። ያው «ኤይ»፣ ያው «ኤክባሎ» የሚለው ግሥ፣ በዚያው በአሁን ጊዜ ቅርጽ፤ እዚህ ግን በእግዚአብሔር መንፈስ ነው የሚለው፣ ተናጋሪውም ያምንበታል። ሰዋስዉ አንድ፣ እውነቱ ሁለት። ቅርጹ የሚለው «እንበልና እንዲህ ከሆነ» ብቻ ነው፤ መሆን አለመሆኑን የሚነግረን ዙሪያው ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ «የማወጣ ከሆነ»።

ሐሰትነቱን ግሪኩ ራሱ ሊያመለክት ሲፈልግ ሌላ መንገድ አለው፤ «ኤይ» ከኃላፊ ግሥ ጋር፣ በውጤቱም ሐረግ ብዙውን ጊዜ «አን» የምትባል ትንሽ ቃል። ይኼ የኛው «ቢመጣ ኖሮ ባየሁት ነበር» ነው። «ኤአን» ከሰብጀንክቲቭ ጋር ደግሞ ገና ያልሆነውን ይጠብቃል፤ «ከመጣ አየዋለሁ»።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ስለ»ን ከሰሌዳው ላይ አጠፋሁት። ያለፉት ሁለት ዓመታት ተማሪዎች ደብተር ግን እኔ ጋ የለም።